ካሁት ወይስ ድሮውፉል 2? አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሳሎን ሲጫወቱ

ካሁት የጥያቄና መልስ፣ ድሮውፉል 2 ደግሞ የሥዕል ጨዋታ ነው። አያት፣ ጎረምሶችና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባሉበት ቤት ምርጫውን የሚወስነው ማን በስልክ ይጽፋል፣ ማንስ ቶሎ ይነካል የሚለው ነው። ለሁለቱም ጨዋታዎች አንድ ቴሌቪዥን፣ ከእሱ ጋር የሚገናኝ ላፕቶፕና የእያንዳንዱ ሰው ስልክ ይበቃል። ካሁትን በላፕቶፕ ከፍተው በኤችዲኤምአይ ገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ያሳዩታል፤ ድሮውፉል ደግሞ በጌም ኮንሶልም ይሠራል። እንግዶች ምንም አይጭኑም፤ በስልካቸው ብራውዘር `kahoot.it` ወይም `jackbox.tv` ከፍተው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ኮድ ያስገባሉ። ግንኙነቱ በኢንተርኔት በኩል ስለሆነ ስልኮቹ አንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ግድ አይደለም። ዋይፋይ የማይይዝለት ሰው በሞባይል ዳታ ይገባል።

ድሮውፉል 2 አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ነው፤ የሚገዛውም የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሰው የተሰጠውን እንግዳ ርዕስ በጣቱ ይስላል፣ ሌሎቹ ለሥዕሉ የውሸት ርዕስ ይጽፋሉ፣ ከዚያ ሁሉም እውነተኛውን ይፈልጋል። ሥዕሉ በከፋ ቁጥር ሳቁ ስለሚበዛ የመሳል ችሎታ አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ነው፤ አብረውት የሚመጡት ርዕሶች በእንግሊዝኛና በጥቂት የአውሮፓ ቋንቋዎች ናቸው፣ መጻፍም ግድ ነው። የራስዎን ርዕስ መጨመር ስለሚቻል ከእንግዶቹ በፊት አንድ የአማርኛ ርዕስ አስገብተው ፊደሉ በትክክል መውጣቱን ይሞክሩ። ተጫዋቾች ከ3 እስከ 8 ናቸው። አሥር ሰው ከመጣ ሁለቱ ተመልካች ሆነው ድምፅ ብቻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ይልቅ ግን አያትን ከአንድ ጎረምሳ ጋር በአንድ ስልክ ማጣመር ይሻላል።

ካሁት ላይ ጥያቄውን ራስዎ በአማርኛ ያዘጋጃሉ፣ ተጫዋቹም ከአራት ባለቀለም ምልክቶች አንዱን ይነካል። ስለዚህ ለአያት የሚቀለው ይኼ ነው። ያም ሆኖ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፦ ሰዓቱ። ትክክለኛ መልስ ወዲያው ከተሰጠ 1000 ነጥብ ያስገኛል፤ እስከ ሰዓቱ ማብቂያ ድረስ ወደ 500 ይወርዳል። በ20 ሰከንድ ጥያቄ ልጁ በ4ኛው፣ አያት በ16ኛው ሰከንድ ቢመልሱ ልጁ 900፣ አያት 600 ያገኛሉ። ሰዓቱን ወደ 60 ሰከንድ ከፍ ካደረጉት ግን 967 እና 867 ይሆናል፤ የ300 ልዩነት ወደ 100 ይወርዳል። ሁሉም ሲመልስ ጥያቄው ራሱ ስለሚዘጋ ጨዋታው አይጎተትም። ነፃው አካውንት የሚያስገባው የተጫዋች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ከእንግዶችዎ ብዛት ጋር አስቀድመው ያስተያዩት፤ ካልበቃ በቡድን መጫወት አለ።

አዲስ አበባ ያለ ዘመድ በቪዲዮ ጥሪ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤተሰብ ጋር ቢጫወት ምስሉ በሰከንዶች ይዘገይበታል። ካሁት ላይ ያ መዘግየት ነጥብ ያስቀንሰዋል፣ ድሮውፉል ላይ ግን እምብዛም አይጎዳውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ምሽት ድሮውፉልን ይግዙ።