ለሞባይል ጌም፦ ባለገመድ ማዳመጫ ወይስ ብሉቱዝ?

ፊልም ስታዩ ብሉቱዝ አይዘገይም ማለት ይቻላል፤ ማጫወቻው ድምፁ እስኪደርስ ምስሉን ያዘገየዋልና። ጌም ግን ተኩሱን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። ድምፁ የሚፈጠረው ጣታችሁ ስክሪኑን ከነካ በኋላ ነው።

በገመድ ድምፁ ከስልኩ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ የቀረው መዘግየት የስልኩና የጌሙ ነው። በብሉቱዝ ግን መጀመሪያ ይጨመቃል፣ በፓኬት ይላካል፣ ማዳመጫው ላይ ተመልሶ ይፈታል። ትልቁን ጊዜ የሚበላው ማዳመጫው የሚያጠራቅመው መጠባበቂያ ድምፅ ነው፤ የጠፋ ፓኬት እንደገና እስኪላክ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ያደርጋል። ድምፁን በሚጨምቀው በተለመደው ኤስቢሲ ኮዴክ ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይጨምራል። የማዳመጫው «ጌም ሞድ» የሚያሳጥረው ይህንኑ መጠባበቂያ ነው፤ ስለዚህ ብሉቱዝም የሚጠቀምበት 2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ በተጨናነቀበት ቤት ድምፁ ቶሎ ይቆራረጣል።

ለመለካት፣ በልምምድ ሜዳ ስትተኩሱ ማዳመጫውን ከሌላ ስልክ ማይክ አጠገብ አድርጋችሁ በዚያው ስልክ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ፍሬም ቅረጹ። ብልጭታው ከታየ 12 ፍሬም በኋላ ድምፁ ከተሰማ፣ መዘግየቱ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በገመድ ድገሙት፤ ልዩነቱ የብሉቱዙ ድርሻ ነው።

ለተኩስና ለሪትም ጌም ገመድ እመርጣለሁ። ለቼዝ የፈለጋችሁትን።