በፊደላችን ወይስ በላቲን? የገጽ አድራሻ ምርጫ

ስለ ቡና አፈላል የተጻፈ ገጽ አድራሻው መጨረሻ ላይ «የቡና-አፈላል» ወይም buna-afelal ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ለዓይን ያምራል፤ ተቀድቶ ሲለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ «የ» ብቻዋን %E1%8B%A8 ትሆናለች። ሰባቱ ፊደላት ከነሰረዛቸው 64 ምልክት ይወጣቸዋል፤ ላቲኑ 11 ብቻ ነው። የድረ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕረስ ለዚህ የአድራሻ ክፍል የሚፈቅደው 200 ምልክት ስለሆነ ከረጅም የአማርኛ ርዕስ የሚወጣ አድራሻ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ይቆረጣል። ስለዚህ ላቲኑን እመርጣለሁ፤ «ጸ»ን በላቲን እንዴት እንጻፍ የሚለው ክርክር ቢቀርም ባይቀርም።

የታተመ የብሎግ ጽሑፍ አድራሻ መለወጥ ካስፈለገ ዎርድፕረስ የቀድሞውን አድራሻ መዝግቦ አንባቢውን 301 በሚባለው ቋሚ ማዛወሪያ ወደ አዲሱ ይመራዋል። በሌላ ሥርዓት የማዛወሪያ መመሪያውን ራስዎ ይጽፋሉ። የቀድሞውን አድራሻ ለሌላ ጽሑፍ አይስጡ፤ የድሮ ማስፈንጠሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ያላሰበው ገጽ ላይ ያርፋል። ከለውጡ በኋላ የድሮውን ከፍተው ይሞክሩ፤ 404 ካሳየ መመሪያው አልሠራም።