«ጠዋት ወስጄ ማታ እመልሳለሁ» ለሚል የበር አዳሽ በራችሁን አትስጡ

ደብረ ማርቆስና አካባቢው ያላችሁ፣ የደበዘዘ የዋንዛ በር ወይም ወንበር ለማሳደስ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተታልያለሁ፤ እናንተ እንዳትታለሉ ነው የምጽፈው።

በሩ አባቴ ያሠሩት የዋንዛ በር ነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ የጠዋት ፀሐይና የክረምት ዝናብ ሲፈራረቁበት ስለኖረ የውጭው ገጽ አመድ መስሎ ነበር። ቫርኒሹ እዚህም እዚያም ተቀርፏል፤ ከታች ደግሞ ውሻችን ልግባ እያለ የቧጨረው አለ። ብዙ ሰው በላሜራ ቀይሪው ቢለኝም አንጀቴ እምቢ አለ።

በዚህ መሃል የቤት ዕቃ አድሳለሁ የሚል ወጣት መጣ። ስልኩ ላይ የሠራቸውን በሮች አሳየኝ። «እትዬ፣ ጠዋት ወስጄ ማታ አዲስ አድርጌ እመልስልዎታለሁ። ይፋቃል፣ ይጸዳል፣ ንጹሕ የተልባ ዘይት ይጠጣል» አለኝ። በ4,500 ብር ተስማማን፤ 3,000 ብሩን አስቀድሞ ወሰደ። እንዳለውም ማታ መለሰው። በሩ ጠቆር ያለ ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ጭረቱም የጠፋ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ከፈልሁ።

በአምስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጄ ዕቃ ይዞ ስለነበር በሩን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ነጠላዬን ሳወልቅ ትከሻው ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቅባት ታትሞበታል። አፍንጫዬን ወደ በሩ ባስጠጋ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል። የተቀባው የተልባ ዘይት አልነበረም፤ ከመኪና ሞተር የተቀዳ የተቃጠለ ዘይት ነው።

ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ አናጢ አስጠራሁ። መጀመሪያ የታችኛውን ጥግ በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት አሮጌው ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ። ቀጥለው የስልኬን መብራት ከበሩ ጎን አስጠግተው አበሩት። ፊት ለፊት ሲታይ ለስላሳ የመሰለው እንጨት በጎን መብራት ሲታይ የጨረቃ ቅርጽ ባላቸው ጭረቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም የእንጨቱን ጅማት አቋርጠው ያልፋሉ። «ልጄ፣ ይህ በእጅ አልተፋቀም። ብረት በሚቆርጡበት ፍሌክስ ላይ ሻካራ ዲስክ አስገብቶ ነው የሄደበት። ያንን ሊደብቅልሽ ነው ያጠቆረው» አሉኝ።

እሳቸው ካስረዱኝ ውስጥ ዋናው ይህ ነው። የተልባ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ አየር እየሳበ ይጠነክራል፤ ሲደርቅ እጅ አያቆሽሽም። የሞተር ዘይት ግን ዓመት ቢቆይ አይደርቅም። ለአጥር ቋሚ፣ መሬት ለሚገባ እንጨት፣ ምስጥ እንዳይበላው ሰው ይቀባዋል። ቤት ውስጥ ግን ልብስ ያበላሻል፤ ከሞተር የወጣ የብረት ብናኝና ጥቀርሻ ስላለበት ልጆች በየቀኑ በእጃቸው የሚነኩት በር ላይ መዋል የለበትም። ማእድ ቤት ያለውን የረጋ ዘይትም አትሞክሩት፤ እሱም አይደርቅም፣ ውሎ አድሮ ይሻግታል። የኑግ ዘይት የተሻለ ቢሆንም ከተልባው በጣም ይዘገያል፤ ወፈር ተደርጎ ከተቀባ ሙጫ ይሆናል።

አሁን ሥራው በትክክል ሲሠራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ተመልከቱ፤ ማታ እመልሳለሁ የሚለው ቃል ውሸትነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፀሐይ ያመጣው አመድማነት የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ስለሆነ ጥልቅ መፋቅ አይፈልግም። የሚያደክመው አሮጌውን ቫርኒሽ መጨረስ ነው። በሩ ከማጠፊያው ይወርዳል፣ ቁልፉና እጀታው ይፈታል። ከዚያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ ሁልጊዜ ጅማቱን ተከትሎ ይታሻል። ቀጥሎ 120፣ በመጨረሻ 180 ይመጣል። እያንዳንዱ ቁጥር የፊተኛው የተወውን ጭረት ማጥፋት አለበት፤ ከ80 ወደ 180 የዘለለ ሰው ጭረቱን እንጨቱ ላይ ትቶታል፣ ዘይት ሲነካው ጎልቶ ይወጣል። አቧራው በብሩሽ ይራገፋል፣ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እስኪተን ይጠበቃል። ውሃ አፍስሶ ማጠብ የለም፤ ዋንዛ ውሃ ሲጠጣ ጸጉሩ ይነሣል፣ እንደገና ማሸት ይመጣል።

ዘይቱ በስሱ ይቀባል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ እንጨቱ ያልጠጣው በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ቀለም መደብር የሚሸጠው የተፈላ የተልባ ዘይት በደረቅ ወቅት ለአንድ እጅ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። ለምግብ የሚጨመቀው ጥሬው ግን ብዙ ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ሦስት እጅ ይበቃል። እንግዲህ ፈጥኖ ቢሠራ እንኳ ከአራት አምስት ቀን በታች የሚያልቅበት መንገድ የለም። ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከማቸ ጨርቅ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።

ለሰው የምትሰጡ ከሆነ አንድ ውል ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ «ዘይት ከመነካቱ በፊት ጠርተህ አሳየኝ።» ዘይት ከተቀባ በኋላ ያልተፋቀውና በደንብ የተፋቀው እንጨት ፊት ለፊት ሲታይ አንድ ሊመስል ይችላል። ሄዳችሁ የውሃ ጠብታ በጣታችሁ ጣል አድርጉ፤ ውሃው እንደ ጤዛ ኳስ ሆኖ ከቆመ ቫርኒሹ ገና አልወጣም፣ ቀስ እያለ ከተመጠጠ ባዶ እንጨት ነው። መብራትም በጎን አብሩበት። የዘይቱን ጣሳ አሸቱ፤ የተልባ ሽታ ለእኛ አገር ሰው አይጠፋም። ቀሪ ክፍያውንም ከሁለት ቀን በኋላ በሩን በነጭ ሶፍት አሽታችሁ ሶፍቱ ንጹሕ ከወጣ ስጡ። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ 3,000 ብር ላይ ይቆም ነበር።

ልጁን በሽማግሌ አስጠይቄው 1,500 ብር መለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሣም።

ቅባቱን ጠርገው በሩን እንደገና ለመፋቅ ብቻ አናጢው ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ብርጭቆ ወረቀቱ በቅባቱ እየተደፈነ ስላስቸገረ፣ መጀመሪያ አኳራጅ በነካ ጨርቅ፣ ጨርቅ እየቀየሩ፣ ጥቁሩ እስኪቀንስ ጠረጉት። ከዚያ እንደገና በ80 ጀመሩ። የውስጡ ገጽ ድኗል፤ የዋንዛው ጅማት ወለል ብሎ ይታያል። የውጭውን ግን ዘይት አልቀቡትም። የሞተሩ ዘይት ጠልቆ በመግባቱ ፀሐይ ሲመታው አሁንም በስንጥቁ በኩል ላብ ያወጣል፤ በዚያ ላይ የሚቀባ ነገር አይይዝም ብለውኛል። በየሳምንቱ በአኳራጅ እየጠረግሁ ነው። ትናንት የጠረግሁበት ነጭ ጨርቅም ቡናማ ሆኖ ነው የወጣው።