የቤት አይኤንአር መለኪያ ልግዛ ወይስ ላቦራቶሪ ልመላለስ? ሜካኒካል የልብ ቫልቭ ላላቸው

ሜካኒካል የልብ ቫልቭ ተገጥሞላችሁ ዋርፋሪን የምትወስዱ ከሆነ አይኤንአር ለመከታተል ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቀጠሮ ቀን ላቦራቶሪ ሄዶ ከክንድ ደም መስጠት ነው። ሁለተኛው እንደ ስኳር መለኪያ ያለች ትንሽ ማሽን ገዝቶ ቤት ውስጥ ጣትን ወግቶ መለካት ነው። "የቱን ልምረጥ?" ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ያለፉትን ሦስት አራት ውጤቶቹን ነው። ቁጥሩ የሚዋዥቅበትና የማይዋዥቅበት ሰው የሚያስፈልጋቸው አንድ አይደለምና።

ቁጥሩ ራሱ ምንድን ነው? የደሙ ናሙና ላይ ማርጊያ ይጨመርና ለመርጋት የፈጀው ሴኮንድ ይቆጠራል። የማርጊያው ኃይል ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ስለሚለያይ ሴኮንዱ በቀመር ይስተካከላል። አይኤንአር የምንለው ይህን የተስተካከለ ቁጥር ነው። ዋርፋሪን የማይወስድ ጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ይሆናል። በአኦርታ በኩል ቫልቭ ያለው ሰው፣ ሌላ ተጨማሪ ስጋት ከሌለበት፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ይፈለግለታል። በሚትራል በኩል ከሆነ ደም የመርጋት ዕድሉ ስለሚበልጥ ከ2.5 እስከ 3.5 ይደረጋል። የእናንተ ግን ሐኪማችሁ የጻፈላችሁ ነው፤ የጎረቤታችሁን አትዋሱ።

አሁን አንዲት ታካሚ እናስብ። ሚትራል ቫልቭ አላት፣ በቀን 5 ሚሊግራም ዋርፋሪን ትወስዳለች። በወሩ መጀመሪያ ላቦራቶሪ 3.0 አለ። በሳምንቱ ድዷ አበጠና ሜትሮኒዳዞል የሚባል አንቲባዮቲክ ለ7 ቀን ታዘዘላት። ይህ መድኃኒት ዋርፋሪን ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚያዘገይ ቁጥሩን ወደ ላይ ይገፋዋል። እሷ ምንም አልታወቃትም። በአራተኛው ሳምንት ቀጠሮዋ ላይ 2.9 ወጣ። ካርዷ ላይ 3.0 እና 2.9 ብቻ ተጽፏል፤ ያየው ሁሉ "በጣም ጥሩ" ይላታል። መሃል ላይ ግን ቁጥሩ 4.8 ደርሶ ነበር እንበል። ያን ሳምንት ብትወድቅና ጭንቅላቷን ብትመታ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት።

ያቺው ሴት ማሽን ቢኖራትና በየሳምንቱ ብትለካ 3.0፣ 3.2፣ ከዚያ 4.8 ታያለች። ወደ ክሊኒኳ ትደውላለች፣ አዲስ መድኃኒት ጀምራ እንደሆነ ይጠይቋታል ወይም ራሷ አንቲባዮቲኩን ትነግራቸዋለች፣ ላቦራቶሪ ሄዳ ታረጋግጣለች፣ ምናልባት አንድ መጠን እንድትዘል ትታዘዛለች። ወርሃዊው ምርመራ ስህተት አልሠራም። በሁለት ቀጠሮ መሃል የሆነውን ግን ሊያይ አይችልም። የማሽኑ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በየጊዜው መለካት እንጂ ከላቦራቶሪ የበለጠ ትክክል መሆን አይደለም።

እንዲያውም በትክክለኛነት ላቦራቶሪው ይበልጣል። ማሽኑና ላቦራቶሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢለኩ በሚፈለገው ክልል ውስጥ እስከ 0.5 ድረስ ልዩነት ያጋጥማል፤ ማሽኑ 3.4 ላቦራቶሪው 3.0 ቢል መደንገጥ አያስፈልግም። ቁጥሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግን ልዩነቱም ይሰፋል። ስለዚህ ማሽኑ ከ4.5 በላይ ሲያሳይ ከደም ሥር በተቀዳ ደም ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የአንድ ታዋቂ ማሽን ስትሪፖች፣ ማለትም የጣት ደም የሚደረግባቸው ቁርጥራጮች፣ ከእውነተኛው በላይ ቁጥር በማሳየታቸው ከገበያ ተሰብስበዋል፤ ችግሩ የባሰውም ከፍተኛ ቁጥሮች ላይ ነበር።

ላቦራቶሪውም ቢሆን ይሳሳታል። ለዚህ ምርመራ የሚቀዳው ደም ሲትሬት ባለበት ቲዩብ፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ክዳን ባለው፣ እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት። ጎደል ካለ ሲትሬቱ ለደሙ ስለሚበዛ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ቲዩቡ ግማሽ ሆኖ ካያችሁ "ይህ አይበቃም መሰለኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

ማሽኑ የማይሆንላቸው ሰዎችም አሉ። ከባድ የደም ማነስ ያለበት፣ ወይም አንቲፎስፎሊፒድ የሚባሉት አንቲቦዲዎች በደሙ ውስጥ ያሉ ሰው የጣት ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ይህን ሁለቱን ጠይቁ።

አለካኩም ወሳኝ ነው። እጅን በሙቅ ውኃ ታጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ ጣትን ከጎን መውጋት፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ሳያባክኑ ወዲያው ስትሪፑ ላይ ማድረስ። ጣቱን አጥብቆ መጭመቅ ውጤቱን ያበላሻል። ጠብታዋ ካነሰች ሌላ አይጨመርባትም፤ አዲስ ስትሪፕ፣ አዲስ ጣት። ስትሪፕ ጊዜው ካለፈ ወይም ሙቀት ካገኘው ይጣላል። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ አትመልከቱ፤ ስትሪፑ ሳይቋረጥ የምታገኙት መሆኑን አረጋግጡ። ያለ ስትሪፕ ማሽኑ ምንም አይሠራም።

አሁን የሚዋዥቅ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ። 2.8 ከዚያ 3.2 ከዚያ 2.9 መዋዠቅ አይባልም፤ የመለኪያው የራሱ ልዩነት ነው። 2.1፣ 3.9፣ 2.3 ግን መዋዠቅ ነው። ከክልሉ በታች የቆየ ቁጥር ቫልቩ ላይ ደም እንዲረጋ ዕድል ይሰጣል። ከላይ ያለው መድማትን ይጠራል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነገር ነው፦ የተረሳ ክኒን፣ አዲስ መድኃኒት፣ ተቅማጥ ወይም ለቀናት ምግብ አለመብላት፣ አንድ ሳምንት ብዙ አረንጓዴ ቅጠል በልቶ በሚቀጥለው ጭራሽ መተው። ምንም ሳይለወጥ ቁጥሩ ከተለወጠ ደግሞ ጉበትና ታይሮይድ ይታያሉ።

አንድ ምክንያት ግን ከማሽኑ ጋር ይመጣል፣ ብዙ ሰውም አያስተውለውም። 3.7 ያየ ሰው ደንግጦ ለሦስት ቀን ክኒኑን በግማሽ ይቀንሳል። በአምስተኛው ቀን 2.1 ያያል። አሁን ደግሞ ደርቦ ይወስዳል። ሳምንት ሳይሞላ 4.2። እዚህ ቁጥሩን ያናወጠው ራሱ ነው። ዋርፋሪን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች አዲስ እንዳይሠሩ ያደርጋል እንጂ ያሉትን አያጠፋም። ከነዚህ አንዱ በሰዓታት ይቀንሳል፤ ዋናው ፕሮትሮምቢን ግን ግማሹ እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የቀየራችሁት መጠን ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከክልሉ በ0.5 ወይም ከዚያ ባነሰ አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣ፣ ብዙ ክሊኒኮች መጠኑን ሳይነኩ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ያስለካሉ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር ራሳቸውን የሚለኩ ሰዎች ላይ የደም መርጋት አደጋ በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ከፍተኛ መድማት ግን አልቀነሰም። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ደግሞ ሜካኒካል ቫልቭ ባላቸውና ከ55 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ነበር።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። ቁጥሩ ለወራት ከክልሉ ያልወጣ፣ ላቦራቶሪ የሚቀርበው፣ ጣቱ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የደከመ ሰው ላቦራቶሪውን ይያዝ፤ አዲስ መድኃኒት ሲጀምር ብቻ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይለካ። ቁጥሩ የሚዋዥቅ፣ ብዙ የሚጓዝ፣ ወይም በየጊዜው አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው ሰው ማሽኑን ይግዛ፤ ግን ቁጥሩን ሰምቶ መጠን የሚነግረው ክሊኒክ ካለው ብቻ። የሚደውልለት ከሌለው ገንዘቡን አያውጣ። የገዛም ሰው መጀመሪያ ላይ፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ፣ ማሽኑን ይዞ ላቦራቶሪ ይሂድና ሁለቱን በአንድ ቀን ያስተያይ።

በየትኛውም መንገድ ብትለኩ ቁጥር የማይጠብቁ ምልክቶች አሉ። የለመዳችሁት የቫልቩ ቀጭ ቀጭ ድምፅ ድንገት ከደበዘዘ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ፊት ወይም ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታችሁ፣ ስትሪፕ አትፈልጉ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ዋርፋሪን እንደምትወስዱና ሜካኒካል ቫልቭ እንዳላችሁ ገና ከበሩ ተናገሩ።