ያገለገለ ካርድ ገዝቶ አንደርቮልት ለሚያደርግ የጅማ ሰው፦ 3060 ቲአይ ወይስ 6700 ኤክስቲ?

ሰሞኑን ሁለት ልጆች በየተራ አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ቲአይ እና ያገለገለ አርኤክስ 6700 ኤክስቲ የግራፊክስ ካርድ በተቀራራቢ ዋጋ አግኝተዋል፣ የቱን እንግዛ ነው ነገሩ። የትኛው ብዙ ፍሬም ይሰጣል የሚለውን በየቪዲዮው ታገኙታላችሁ፣ እሱን አልደግመውም። እኔ ማወዳድረው የቱ ነው አንደርቮልት ሲደረግ፣ ማለትም ቮልቴጁ ሲቀነስለት፣ ሙቀቱም ጩኸቱም በደንብ ሚወርደው፣ የቱስ ነው ያስተካከላችሁለትን ነገር ሳይረሳ ሚቆየው የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም እኔ 3060 ቲአይ አለኝ ጓደኛዬ ደግሞ 6700 ኤክስቲ አለው ሁለቱንም በእጄ ነው ያስተካከልኳቸው።

መጀመሪያ ግን ስላለንበት ቦታ ትንሽ። ኮቺ ነው ምኖረው፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ቢጮህም ማንም አይሰማውም። የካቲት መጋቢት ላይ ነው ጉዱ ሚወጣው፣ ሌሊቱ ጸጥ ይላል፣ ክፍሉ ሞቆ ያመሻል፣ እናቴ ከግድግዳው ማዶ ሆና "ያ ነገር አሁንም እየጮኸ ነው?" ትለኛለች። ሌላው ሰው ልብ ማይለው ነገር ከፍታችን ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ባሕር ወለል ላይ ካለው አየር ወደ 15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፣ ስለዚ ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት ሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ፈረንጅ ቪዲዮ ላይ "68 ዲግሪ" ያለው ካርድ እኛ ጋ ከዛ በላይ ቢያሳይ ወዲያው ተበላሽቷል አትበሉ።

የኔ 3060 ቲአይ ባለ ሁለት ፋን ነው፣ ርካሹ አይነት። ምንም ሳልነካው ጌም ስከፍት 1950 ሜጋኸርዝ ላይ ይነሳል፣ ደስ ይላል፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ግን 1830 እና 1860 መሀል እየወጣ እየወረደ ይዋልላል፣ ሙቀቱ 79፣ ፋኑ ከ80 በመቶ በላይ፣ ሚበላው ኃይል 198 ዋት። ለምን ወረደ ስትሉ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ካርዱ 200 ዋት ወሰን አለው፣ እዛ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሁለተኛ ሲሞቅ ደረጃ በደረጃ 15 ሜጋኸርዝ እየጣለ ይሄዳል። ጌሙ እየሄደ በሌላ የኮማንድ ፕሮምፕት መስኮት ይቺን ብትጽፉ ምክንያቱን ራሱ ይነግራችኋል፦

```
nvidia-smi -q -d PERFORMANCE
```

እዛ ውስጥ `SW Power Cap` አጠገብ `Active` ካለ ኃይሉ ነው ያነቀው ማለት ነው። የኔ እንደዛ ነበር።

ታዲያ ቮልቴጅ መቀነስ ለምን ይሰራል? ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ቺፕ ለብቻው ቮልቴጅ እየመጠነ አይቀመጥም፣ ከመስመሩ ደካማው ቺፕ እንኳን እንዳይወድቅ ለሁሉም ትርፍ ያደርግለታል። እንግዳ ሲበዛ ሳይጠየቅ ሁሉም ሲኒ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር እንደሚደረገው በሉት። ቺፑ ሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው ሚሄደው፣ ማለትም ፍጥነቱን ሳንነካ ከ1.05 ቮልት ወደ 0.9 ብናወርደው ቺፑ ላይ ብቻ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሚሞሪውና ፋኑ ሚበሉት ስለማይነካ ከጠቅላላው ላይ ሚቀነሰው ከሩብ ትንሽ ያንሳል።

3060 ቲአይ ላይ አሰራሩ እንዲህ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ `Ctrl+F` ስትጫኑ ወደ ላይ ሚወጣ መስመር ይመጣል፣ ታች ቮልቴጅ ጎን ፍጥነት። መጀመሪያ ዋናው መስኮት ላይ የኮር ክሎኩን 250 ያህል ወደ ታች ታወርዱታላችሁ፣ ሙሉ መስመሩ አብሮ ይወርዳል። ከዛ 900 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዛችሁ ወደ 1860 ትስቧታላችሁ፣ አፕላይ ስትሉ ከሷ በስተቀኝ ያለው በሙሉ እንደ ጠረጴዛ ይተኛል። በቃ፣ ካርዱ ከ0.9 ቮልት በላይ አይሄድም። ይሄን ካርዱ ትንሽ ሞቅ ካለ በኋላ አድርጉት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ 1860 ብላችሁት ሲሞቅ 1845 ቢያሳይ አትደንግጡ።

የኔ ካርድ ከዛ በኋላ በዛው ጌም በዛው ቦታ ከ198 ወደ 160 ዋት ወረደ፣ ሙቀቱ 70፣ ፋኑ 55 በመቶ አካባቢ። ፍጥነቱ 1845 ላይ ቀጥ ብሎ ለሰዓታት አልተነቃነቀም። አስተውሉ፣ ድሮም ሲሞቅ 1830 እና 1860 መሀል ነበር ሚውለው፣ ስለዚ ያጣሁት ፍሬም የለም ማለት ይቻላል። የጠፋው ጩኸቱ ነው።

ስስት ግን አለ። እኔ 0.9 ሰራ ብዬ ያንኑ 1860 በ0.850 ሞከርኩት፣ በፈርማርክ 20 ደቂቃ አስጨነቅኩት ምንም አላለም፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በነጋታው ሬይ ትሬሲንግ ያለው ጌም 40 ደቂቃ ሄዶ ምንም ሳይል ወደ ዴስክቶፕ ወረወረኝ። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ስገባ 4101 የሚል ቁጥር አለ፣ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ተነሳ ማለት ነው። ፈርማርክ ለምን አለፈ መሰላችሁ፣ እሱ ካርዱን የኃይል ወሰኑ ላይ ያጣብቀውና ካርዱ ራሱ ከሰጣችሁት ነጥብ በታች ወርዶ ይሰራል፣ ያቺ ያስተካከላችኋት ነጥብ ጭራሽ አልተፈተነችም። ስለዚ መፈተኛችሁ ሁሌ ምትጫወቱት ከባዱ ጌም ይሁን፣ ሁለት ሦስት ማታ። ወደ ዴስክቶፕ ከወረወራችሁ 25 ሚሊቮልት ጨምሩ ወይ 30 ሜጋኸርዝ ቀንሱ።

ወደ 6700 ኤክስቲ ስንመጣ ሌላ ፕሮግራም አያስፈልግም፣ የኤኤምዲ የራሱ ፕሮግራም አድሬናሊን ውስጥ ሁሉም አለ። ቀላል ይመስላል፣ ቮልቴጅ የሚል መግፊያ አለ፣ 1200 ላይ ቆሟል፣ ትቀንሱታላችሁ። ችግሩ ያ ቁጥር ካርዱ ላይ ሚደርሰው ቮልቴጅ አይደለም፣ ሙሉ መስመሩን ወደ ታች ነው ሚገፋው። 1130 ስላላችሁት 1130 ላይ ይሮጣል ማለት አይደለም፣ እንደ 3060 ቲአይ አንዷን ነጥብ ይዞ እዚ ቁም ማለት አይቻልም። የኃይል ወሰኑን ልቀንስ ብትሉም ወደ ታች ሚፈቅደው 6 በመቶ ብቻ ነው፣ 3060 ቲአይ ላይ ግን ብዙው ካርድ እስከ ግማሽ ድረስ ያስወርዳል።

ሌላ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሳሳተው። 6700 ኤክስቲ ስክሪን ላይ ሚያሳያችሁ ዋት የቺፑን ነው እንጂ የካርዱን ጠቅላላ አይደለም። 186 ሲላችሁ ካርዱ በትክክል ወደ 230 እየበላ ነው። 3060 ቲአይ ግን ጠቅላላውን ነው ሚያሳየው። ስለዚ ሁለቱን ስክሪን ጎን ለጎን አድርጋችሁ "ይሄኛው እንዲያውም ያንሳል" ማለት አይሆንም።

የጓደኛዬን ቮልቴጁን 1130፣ ከፍተኛ ፍጥነቱን 2500 አደረግነው። 186 የነበረው ወደ 155 ወረደ፣ የውስጠኛው ትኩስ ነጥብ ከ93 ወደ 82፣ ፍጥነቱ 2430 አካባቢ ቆመ። ጥሩ ነው፣ ጩኸቱም ቀንሷል። እዚ ካርድ ላይ ከቮልቴጁ ይልቅ ፍጥነቱን 100 ገደማ መቀነሱ ይበልጥ እንደጠቀመው ታየኝ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ለትንሽ ሜጋኸርዝ ብዙ ቮልት ነው ሚከፈለው።

አሁን ለኔ ፍርዱን የሰጠው ነገር። መብራት። አድሬናሊን ኮምፒውተሩ በድንገት ከጠፋ "ያስተካከልከው ነገር ይሆናል ያጠፋው" ብሎ ያስብና ብዙ ጊዜ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ይመልሰዋል። ታስቦ የተሰራ መከላከያ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ አስጠንቅቆ አይሄድም፣ ፕሮግራሙ ደግሞ መብራት ጠፋ ይሁን ካርዱ ወደቀ አይለይም። ጓደኛዬ ሳያውቀው አንድ ሳምንት በፋብሪካው ቮልቴጅ ሲጫወት ከርሞ "ያደረግክልኝ ነገር አልሰራም" ብሎ መጣ። ከዛ ፕሮፋይሉን ፋይል አድርገን አስቀመጥንለት፣ መብራት በሄደ ቁጥር መልሶ ይጭነዋል፣ ሁለት ክሊክ ነው፣ ማስታወስ ግን አለበት። አፍተርበርነር ላይ ፕሮፋይሉን ሴቭ አድርጋችሁ የዊንዶውስ ምልክት ያላትን ቁልፍ ከተጫናችሁ መብራት አስሬ ቢሄድም ሲነሳ ራሱ ይጭነዋል። ዩፒኤስ ያለው ሰው ይሄን አንቀጽ ይዝለለው።

ስለዚ ጠባብ ክፍል፣ ዩፒኤስ የሌለው፣ አንዴ አስተካክሎ መርሳት ሚፈልግ ሰው 3060 ቲአይ ይውሰድ። ብሌንደር ምናምን ለሚሰራም እሱ ይሻላል። 6700 ኤክስቲ ያለው ትልቁ ጥቅም 12 ጊጋ ሚሞሪው ነው፣ 3060 ቲአይ 8 ብቻ ነው፣ አዳዲስ ጌሞችን ቴክስቸሩን ከፍ አድርጎ ሚጫወት ሰው ያን ልዩነት ያየዋል፣ እና ለሱ ሁለት ክሊክ ምንም አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ላይ ለ3060 ቲአይ 600 ዋት ለ6700 ኤክስቲ 650 ነው የተጻፈው፣ አንደርቮልት አደርገዋለሁ ብላችሁ ከዛ በታች አትግዙ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካርዱ በፋብሪካው ነው ሚነሳውና።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ጋ ምንም ሳትነኩ ሩብ ሰዓት ጌም አስኪዱት። አጠቃላይ ሙቀቱና የትኩስ ነጥቡ ልዩነት ከ15 እስከ 20 ከሆነ ደህና ነው፣ 30 ካለፈ ቺፑና ማቀዝቀዣው መሀል ያለው ፓስታ ደርቋል ወይ ማቀዝቀዣው በደንብ አልተቀመጠም። እኔ አንዴ አንድ ሻጭ "አንደርቮልት ስታደርገው ይስተካከላል" ብሎኝ ነበር። አይስተካከልም፣ ሙቀቱ ይቀንሳል እንጂ ልዩነቱ እዛው ነው። የፓስታና የማጽጃውን ቀንሳችሁ ተከራከሩ፣ እምቢ ካለ ሌላ ካርድ አለ።