አልጋ ሳያስቀይር አልጋ የሚያድን አናጺ፣ ለደብረ ማርቆስ ሰዎች

ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ አልጋችሁ ሲጢጥ የሚል ከሆነ ይህችን አንብቡ። የኛ የዋንዛ አልጋ ገልበጥ ባልን ቁጥር ይንቋቋል፤ መሃሉም ረግቦ ጠዋት ሁለታችንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነን። የጠየቅነው ዕቃ ሻጭ "አልቆለታል፣ አዲስ ግዙ" አለን። አይ ሻጭ! ጎረቤታችን የጠቆመችን አናጺ ግን ቤት ድረስ መጥቶ አዳነልን። እግዜር ይስጠው።

መጀመሪያ መዶሻ አላነሳም። ፍራሹንና ርብራቡን አስወጣና እኔን አልጋውን አስወዘወዘኝ፤ እሱ መዳፉን ማዕዘኖቹ ላይ እያዞረ ይዳስሳል። "እትየ፣ ድምፁ በእንጨቱ ስለሚሄድ ጆሮ ያታልላል፣ እጅ ግን አይሳሳትም" አለኝ። የላሉት የራስጌው አንድ ማዕዘንና የግርጌው አንድ ማዕዘን ብቻ ነበሩ። በጠመኔ ምልክት አደረገባቸው፣ ሌላውን አልነካም።

ሲፈታው አየሁት። በእግሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የጎኑ ጣውላ ምላስ ደርቆ ቀጥኗል፣ የተፋተገበትም ቦታ ያብረቀርቃል። ከዚህ በፊት የተመታበትን ሚስማር ሁሉ በጉጠት ነቀለው። ሚስማር የላላውን አያጠብቅም፣ ቀዳዳውን ነው የሚያሰፋው። ከዚያ አሮጌውን ኮላ ንጹህ እንጨት እስኪታይ ድረስ ፋቀው፣ ምክንያቱም አዲስ ኮላ በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። ምላሱ ላይ ስስ የእንጨት ልጥ ለጠፈና በእጅ ተገፍቶ ጥብቅ ብሎ እንዲገባ አደረገው። በመዶሻ ካስገደዱት እግሩ ይሰነጠቃል። ቀብቶ ከገጠመ በኋላ በገመድ አስሮ፣ ገመዱን በዱላ እየጠመዘዘ አጠበቀውና "እስከ ነገ ማንም እንዳይተኛበት" ብሎን ሄደ።

በማግስቱ በሁለቱ ማዕዘኖች ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት በኮላና በብሎን አሰረ፣ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ እየበሳ።

የረገበውን መሃል ደግሞ ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ሞራሌ ዘርግቶ፣ መሃሉ ላይ መሬት የሚነካ እግር ሰጠው። እዚህ ላይ ሰውዬው ይለያል። እግሩ ከረዘመ ርብራቡን ወደ ላይ ይገፋውና መንቋቋቱ ይመለሳል፤ ካጠረ ደግሞ ምንም አይሸከምም። ወረቀት ከስሩ አስገብቶ ይስባል፣ ያዝ እያደረገ እስኪወጣ ድረስ ትንሽ ትንሽ ይልጋል። በመጨረሻ የርብራቡን ጫፎች በጧፍ አሻሸ። አሁን አልጋው ጸጥ ብሏል፣ ዋጋውም ከአዲስ አልጋ ጋር አይወዳደርም።

ጣውላው በርዝመቱ ከተሰነጠቀ ወይም ምስጥ ከገባበት ግን ኮላ አይሠራለትም፣ ያንን ክፍል ብቻ መቀየር ነው፤ ይህንንም ሳይደብቅ ይነግራችኋል። የብረት አልጋ ያላችሁ ወደ በያጅ ሂዱ፣ አናጺው ብረት አይነካም። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ ፈላጊ በውስጥ መስመር ያናግረኝ።