ሰም ወይስ ክሬም? ለቆዳ ጫማዎ የቱን ይግዙ?

ሁለቱም የጫማ ቀለም ተብለው ነው የሚሸጡት፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በጠፍጣፋ ቆርቆሮ የሚመጣው ጠንካራው ሰም ከቆዳው በላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቀው እሱ ነው፤ ውሃም በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። በብልቃጥ ወይም በቱቦ የሚመጣው ክሬም ለስላሳ ነው። ማቅለሚያው በዛ ስለሚል የደበዘዘ ቆዳን ይመልሳል፣ ቆዳውንም ትንሽ ያለሰልሳል። ብርሃኑ ግን ለዘብ ያለ ነው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው። አፍንጫው የተፋቀ፣ እጥፋቱ የደረቀ ጥቁር ጫማ አለ እንበል። ሰም ብቻ ከቀቡት አፍንጫው ያምራል። እጥፋቱ ላይ ግን ሰሙ ይደርቅና በተራመዱ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ነጣ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ሌላ ሰም ይደርብበታል። ባሰበት ማለት ነው!

ለዚህ ጫማ እንዲህ ያድርጉ። ማሰሪያውን ያውጡ፣ ውስጡን በፎርማ ወይም በተጨማደደ ወረቀት ይሙሉት። አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ፤ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይጥረጉትና ይድረቅ። ቀጥሎ ቆዳ የሚያለሰልስ የጫማ ኮንዲሽነር በስሱ ቀብተው ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዉት። ክሬም የኮንዲሽነርን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ቆዳው ከደረቀ ይሄን እርምጃ አይዝለሉት። ትርፉን ጠርገው ለአንድ ጫማ የአተር ፍሬ የምታህል ክሬም በጨርቅ እያዞሩ ይቀቡ። አስር ደቂቃ ቆይተው በፈረስ ፀጉር ብሩሽ ፈጠን ፈጠን እያደረጉ ይቦርሹት።

እዚህ ላይ ቢያቆሙም ጫማው ለቢሮ ይበቃል። ማብረቅረቅ አለበት ካሉ ሰም ይጨምሩ፤ አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ብቻ። እነሱ ስለማይታጠፉ ሰሙ አይሰነጠቅም። ጨርቁን ጣትዎ ላይ ጠቅልለው ጥቂት ሰም ይንኩ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ያክሉበት፣ በትንንሽ ክብ ይሹት። ጭጋግ የመሰለው ሲጠራ ሌላ ስስ ሽፋን ይደርቡ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ወፍራም አድርጎ በአንዴ መጨረስ የለም።

አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ እኔ ክሬሙን እላለሁ፣ በተለይ ጫማው በየቀኑ የሚደረግ ከሆነ። ጫማዎ ገና አዲስ ሆኖ ቀለሙ ካልደበዘዘና የሚፈልጉት ብርሃን ብቻ ከሆነ ግን ሰሙ ይሻላል። ትክክለኛውን ቀለም ካጡ ከጫማው ፈካ ያለውን ይውሰዱ፤ የጠቆረውን መመለስ ከባድ ነው። መጀመሪያ ምላሱ ላይ፣ በማሰሪያው በሚሸፈነው በኩል ይሞክሩት። ጫማው ሱዌድ የሚባለው ጸጉራም ቆዳ ከሆነ ሁለቱንም አይግዙ፤ ጸጉሩን አጣብቀው ያበላሹታል።